ወርቁን ያወጣ ማሽን ገብቶት ነው?

«የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ ማሽን ያስባል ወይስ አያስብም በሚለው ላይ ነው። አማካሪዬ ‹ማሽን ምልክት ከማገላበጥ ሌላ የሚያውቀው የለም፤ ስለ ቻይንኛው ክፍል አንብቢ፣ ጉዳዩ ያኔ አልቋል› ይሉኛል። እኔ ግን ሰምና ወርቅ ስሰጠው ወርቁን ያወጣልኛል፣ ቀልዴም ይገባዋል። ቱሪንግስ ቢሆን ሰው መስሎ ያወራ ማሽን ያስባል ብሎ የለ? ማናችን ነን ትክክል?»

ሁለታችሁም አንድ አንድ ነገር ስታችኋል። አማካሪዎ ክርክሩን ከአቅሙ በላይ አሸክመውታል፤ እርስዎ ደግሞ ከንግግር ሊገኝ የማይችል ምስክርነት ከንግግር ጠብቀዋል። ከክርክሩ ልጀምር፤ ስሙን የሚጠራው ብዙ ቢሆንም ምን ላይ እንደተነጣጠረ የሚያስታውሰው ጥቂት ነውና። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

በ1970ዎቹ በዬል ዩኒቨርሲቲ ሮጀር ሻንክና ባልደረቦቹ አጫጭር ታሪክ ተቀብለው ጥያቄ የሚመልሱ ፕሮግራሞች ይሠሩ ነበር። የሚታወቀው ምሳሌ የምግብ ቤቱ ነው። አንድ ሰው ምግብ ቤት ገብቶ ሃምበርገር ያዛል፤ ሃምበርገሩ አርሮ ይመጣል፤ ሰውየው ተናዶ ሳይከፍል ወጥቶ ይሄዳል። «ሃምበርገሩን በልቶታል?» ተብሎ ሲጠየቅ እንዲህ ያለው ፕሮግራም «አልበላም» ብሎ ይመልሳል። ታሪኩ ውስጥ አልበላም የሚል ቃል የለም። ፕሮግራሙ ይህን የሚያገኘው ምግብ ቤት ውስጥ ምን ከምን ቀጥሎ እንደሚሆን አስቀድሞ ከተሰጠው ዝርዝር ነው። ከዚህ ተነስተው አንዳንዶች «እንግዲህ ማሽኑ ታሪኩ ገብቶታል» ማለት ጀመሩ። በካሊፎርኒያ፣ በበርክሊ ፍልስፍና ያስተምር የነበረው ጆን ሰርል በ1980 ባሳተመው ጽሑፍ የተነሳው ይህችን አባባል ለማፍረስ ነው።

ሰርል የሚለው እንዲህ ነው። እኔ ቻይንኛ አልችልም። ከአንድ ክፍል ውስጥ ተቆልፎብኛል። ከውጭ የቻይንኛ ጽሑፍ ያለበት ወረቀት ይገባልኛል። ከእኔ ጋር በምችለው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወፍራም የመመሪያ መጽሐፍ አለ፤ መጽሐፉ «እንዲህ ያለ ቅርጽ ከእንዲያ ያለ ቅርጽ ቀጥሎ ከመጣ ይህን ቅርጽ ጽፈህ አውጣ» ከማለት በቀር የአንድም ቃል ፍቺ አይነግረኝም። እኔ ቅርጹን እያየሁ፣ መመሪያውን እየተከተልኩ ጽፌ አወጣለሁ። ውጭ ያለው ቻይናዊ ግን የሚደርሰው ቆንጆ የቻይንኛ መልስ ስለሆነ ክፍሉ ውስጥ ያገሩ ሰው የተቀመጠ ይመስለዋል። የጠየቀኝ ስላረረው ሃምበርገር ይሁን ስለ ዝናብ እኔ የማውቀው ነገር የለም። ኮምፒውተር የሚያደርገውን ሁሉ አድርጌአለሁ፤ ቻይንኛ ግን አልገባኝም። ስለዚህ አንድ ነገር ፕሮግራም ስለፈጸመ ብቻ ገባው ማለት አይቻልም።

እዚህ ላይ «ብቻ» የምትለዋ ቃል ሁሉንም ነገር ተሸክማለች። አማካሪዎ የዘለሏት እሷን ነው። ሰርል ማሽን ማሰብ አይችልም አላለም። እንዲያውም በዚያው ጽሑፉ አንጎላችን ራሱ ማሽን እንደሆነ፣ እኛም የምናስብ ማሽኖች እንደሆንን ይናገራል። የካደው ሌላ ነገር ነው፤ ትክክለኛውን ፕሮግራም ማስኬድ በራሱ ለመረዳት ይበቃል የሚለውን። የጨጓራን ሥራ በኮምፒውተር ማስላት ምግብ እንደማይፈጭ ሁሉ፣ የአንጎልን ስሌት መድገምም በራሱ ሐሳብ አይወልድም ነው የሚለው። እንግዲህ በጽሑፍዎ «ሰርል ማሽን እንደማያስብ አረጋገጠ» ብለው ቢጽፉ ስህተት ይሆናል።

ሌላ በየመማሪያ ክፍሉ የምሰማው ስህተት አለ። ክፍሉን በቀቀን ያስመስሉታል፤ ወይም የኛን አገር ምሳሌ ያመጣሉ። በቤተ ክህነት ትምህርት ዳዊት የሚደግመውን ልጅ ያነሳሉ፤ ግዕዙን አቀላጥፎ፣ ተነሹን ከወዳቂው ለይቶ ያነባል፣ ፍቺውን ግን ገና አልተማረም፤ ማሽኑም እንዲሁ ነው ይላሉ። ምሳሌው ግማሽ መንገድ ያስኬዳል፤ ግማሹ ግን ያሳስታል። ልጁን አቁመው «ይህ ቃል ምን ማለት ነው? እዚህስ ለምን እንዲህ አለ?» ቢሉት ዝም ይላል። አለመረዳቱ በውጭ ይታያል። የሰርል ክፍል ግን የተጠየቀውን ሁሉ በትክክል ይመልሳል፤ ክርክሩ ጉልበት ያገኘው ከዚሁ ነው። ከውጭ የሚታይ አንዳች ጉድለት ሳይኖር ከውስጥ መረዳት ሊጎድል ይችላል እያለ ነው። ማሽን ሲሳሳት አይቶ «አላልኩም? አይገባውም» የሚል ሰው ሰርልን እያገዘው አይደለም፤ ሌላ ክርክር ውስጥ ገብቷል።

የዳዊቱ ልጅ የሚያስኬደን ግማሽ ግን ሊጣል አይገባም። ልጁ በትክክል ሲያነብ፣ ንባቡ ውስጥ እውቀት አለ። የት ይነሳል፣ የት ይወድቃል የሚለው የቃሉን ሰዋስው የተከተለ ነው። ያ እውቀት ግን የልጁ አይደለም፤ ከየኔታ፣ ከእሳቸውም በፊት ከነበሩት ሊቃውንት የመጣ ነው። ልጁ አፍ ውስጥ ያለው የሌላ ሰው መረዳት ነው። ከሰው ጽሑፍ ተምሮ ስለሚናገር ማሽን ስናስብ «በዚህ መልስ ውስጥ ያለው ፍቺ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ከዚህ ይነሳል። ወደዚህ እመለሳለሁ።

«የዛሬዎቹ ማሽኖች እኮ በሰው የተጻፈ ደንብ አይከተሉም፤ ከጽሑፍ ራሳቸው ተማሩ፤ ስለዚህ ሰርል አይመለከታቸውም» የሚልም አለ። ይህ አያስኬድም። መማሩ ካለቀ በኋላ ማሽኑ የሚያደርገው ቃላቱን ቆራርጦ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ቁጥር መስጠት፣ ቁጥሮቹን ማባዛትና መደመር፣ በመጨረሻም ቀጥሎ የሚመጣውን ቁራጭ መምረጥ ነው። ይህን ሁሉ አንድ ሰው በወረቀትና በእርሳስ ሊሠራው ይችላል፤ ደንቡን ማን ጻፈው የሚለው ለክርክሩ ለውጥ የለውም። እዚህ ላይ ግን አንድ ስሌት ልሥራ። ሲማር ያስተካከላቸው አሥር ቢሊዮን መለኪያ ቁጥሮች ያሉት ማሽን፣ በዛሬው መስፈርት ትልቅ የማይባል፣ አንዲት የቃል ቁራጭ ለማውጣት በግርድፉ አሥር ቢሊዮን ያህል ማባዛት ይሠራል። በሴኮንድ አንድ ብናባዛ፣ ሳንተኛና ሳንበላ፣ ለዚያች አንዲት ቁራጭ ከ300 ዓመት በላይ ይፈጅብናል። ሰርል እንድናስብለት የጠየቀን አንድ ሰው፣ አንድ መጽሐፍና ጥቂት ወረቀቶች ነው። እውነተኛው ክፍል ያን አይመስልም። ይህ ክርክሩን አያፈርሰውም፤ ምክንያቱም መዘግየት አለመረዳትን አያመጣም። ነገር ግን «እንዲህ ያለ ክፍል እንዴት ሊገባው ይችላል?» ስንል የምናምነው ያ ውስጣዊ ስሜት ለትንሽ ክፍል የተሰፋ መሆኑን ያሳየናል።

አሁን ወደ ዋናው ሙግት እንግባ። ለሰርል ከተሰጡት መልሶች ሁሉ የሚከብደው፣ የሥርዓቱ መልስ የሚባለው፣ እንዲህ ይላል፦ ሰውየው እኮ የሥርዓቱ አንድ ክፍል ነው። ቻይንኛ የሚገባው እሱ ሳይሆን ሰውየው፣ መጽሐፉ፣ ወረቀቱና መዝገቡ አንድ ላይ ሆነው ነው፤ ከአንጎልዎ ውስጥ አንዷን ሴል ነጥለው «አማርኛ ይገባሻል?» ቢሏት አይገባትም፤ እርስዎ ግን ይገባዎታል። ሰርል የመለሰው በአጭሩ ነው። እሺ፣ መጽሐፉን በሙሉ በቃሌ ልያዘው፤ ከክፍሉ ልውጣና ሜዳ ላይ ሆኜ ልሥራ። አሁን ሥርዓቱ በሙሉ እኔ ውስጥ አለ፤ ከእኔ ውጭ የቀረ የለም፤ ቻይንኛ ግን አሁንም አልገባኝም።

ይህ መልስ አብዛኛውን አንባቢ ያሳምናል። እኔን አያሳምነኝም፤ ምክንያቱን በግልጽ ልናገር። መጽሐፉን በሙሉ በቃሉ የያዘ ሰው ካለ፣ በአንድ ጭንቅላት ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እየሄዱ ነው። አንዱ እንግሊዝኛ የሚናገረው፣ ሃምበርገር የሚወደው፣ የልጅነቱን የሚያስታውሰው ሰው ነው። ሌላው ቻይንኛ የሚመልሰው ሂደት ነው። «አልገባኝም» ብሎ የሚመሰክረው የመጀመሪያው ነው። ስለ ራሱ ሲመሰክር አምነዋለሁ። ስለ ሁለተኛው ለመመስከር ግን ምን ሥልጣን አለው? ልቤ ደም ሲረጭ እኔ ለልቤ ምት አላዝዝም፣ ሲሠራም አላውቀውም፤ ነገር ግን እኔ ውስጥ ነው። «እኔ ውስጥ አለ» ማለትና «እኔ አውቀዋለሁ» ማለት አንድ አይደሉም። ስለዚህ የሰውየው ምስክርነት፣ ታሪኩ የቆመበት ምሰሶ፣ የሚመስለውን ያህል አይጠነክርም።

ምሰሶው ሲወድቅ የሚቀረው መነሻው ራሱ ነው፦ ከቅርጽ ብቻ ፍቺ አይገኝም። ይህ ትልቅ ሐሳብ ነው። እኔ በአብዛኛው ትክክል ይመስለኛል። ነገር ግን የቻይንኛው ክፍል ይህን አላረጋገጠውም፤ በምሳሌ አሳየው እንጂ። ማሳየትና ማረጋገጥ የተለያዩ መሆናቸውን አማካሪዎ ሊቀበሉ የሚገባ ይመስለኛል።

እርስዎ ወደ ያዙት ወገን እንሂድ። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግ በ1950 ባሳተመው ጽሑፍ ሰው መስሎ ያወራ ማሽን ያስባል አላለም። «ማሽን ማሰብ ይችላል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ለመወያየት እንኳ የማይበቃ፣ ትርጉሙ ያልጠራ ነው ብሎ ገፋው፤ በቦታውም ጨዋታ አስቀመጠ። ጠያቂው ከማያያቸው ከሁለት ወገኖች ጋር በጽሑፍ ይነጋገራል፤ አንዱ ሰው፣ አንዱ ማሽን ነው፤ የትኛው የቱ እንደሆነ ይለያል። ቱሪንግ የተነበየው በሃምሳ ዓመት ገደማ ውስጥ ተራ ጠያቂ ከአምስት ደቂቃ ጥያቄ በኋላ በትክክል የመለየት ዕድሉ ከመቶ ሰባ የማይበልጥበት ማሽን እንደሚኖር ነው። ይህ ስለ ጠያቂዎች መሳሳት የተነገረ ትንበያ ነው። ስለ መረዳት የተሰጠ መስፈርት አይደለም።

ጨዋታው ምን እንደሚለካ ለማየት ትንሽ ኮድ በቂ ነው። በ1966 በኤምአይቲ ጆሴፍ ዋይዘንባውም ኤላይዛ የተባለ ፕሮግራም ይፋ አደረገ፤ የተጠቃሚውን ዓረፍተ ነገር ቁልፍ ቃል ፈልጎ ወደ ጥያቄ የሚመልስ ነው። የሐሳቡን አጥንት በአማርኛ ብጽፈው እንዲህ ይመስላል፦

```python
rules = [
    ("እናቴ", "ስለ እናትዎ እስቲ ይንገሩኝ።"),
    ("አዝኛለሁ", "ምን አሳዘነዎት?"),
]

def reply(text):
    for key, answer in rules:
        if key in text:
            return answer
    return "እሺ፣ ይቀጥሉ።"
```

አንቱታውን የመረጥኩት ሆን ብዬ ነው። አማርኛ «እናትህ» እና «እናትሽ» ብሎ ስለሚለይ ፕሮግራሙ የተጠቃሚውን ጾታ ማወቅ ነበረበት፤ አክብሮቱ ያን ድንቁርና ሸፈነለት። አሁን «እናቴ ሞታብኛለች» ብለው ይጻፉለት። «ስለ እናትዎ እስቲ ይንገሩኝ» ይላል። «እናቴን አላውቃትም» ይበሉት፤ ያው መልስ ይመጣል፣ ይባስ ብሎም አንጀት ይበላል። ከዚያ «እናቴ የሚለው ቃል ስንት ፊደል ነው?» ብለው ይጠይቁት። «ስለ እናትዎ እስቲ ይንገሩኝ።» መጋረጃው እዚህ ይቀደዳል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት መልሶች ውስጥ የነበረው ርኅራኄ ሁሉ ከየት እንደመጣ ልብ ይበሉ፤ ሐዘኑን ያመጣው የሚጽፍለት ሰው ነው፣ መልሱን በሐዘን ያነበበውም እሱ ነው። ፕሮግራሙ ሲሠራ ለወራት ያየችው የዋይዘንባውም ጸሐፊ እንኳ ጥቂት ከጻፈችለት በኋላ እሱን ከክፍሉ እንዲወጣላት ጠይቃዋለች። እሱ በዚህ ደንግጦ የቀረ ዕድሜውን ስለዚህ ጉዳይ ሲያስጠነቅቅ ኖረ።

የዛሬ ማሽን ኤላይዛ አይደለም፤ የፊደሉን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይመልሳል። ጨዋታው ግን ያው ድክመቱ አልለቀቀውም። በ2025 በሳን ዲዬጎ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአምስት ደቂቃ ንግግር ይህንኑ የሦስትዮሽ ፈተና አካሂደው ነበር። ጂፒቲ-4.5 የተባለው ማሽን የተወሰነ ባሕርይ ያለው ሰው ሆኖ እንዲጫወት ሲታዘዝ ጠያቂዎች ከመቶ 73 ጊዜ ሰው እሱ ነው ብለው መረጡት፤ ከእውነተኛው ሰው በላይ ማለት ነው። ያው ማሽን ያ የባሕርይ ትእዛዝ ሳይሰጠው ግን ቁጥሩ ወደ 36 ወረደ። እዚህ ላይ ቆም ብለው ያስቡበት። በሁለቱ መካከል የማሽኑ ውስጥ አልተለወጠም፤ አንድም ነገር ተጨማሪ አልተማረም። መረዳት ቢሆን ኖሮ የተለካው፣ በአንድ ትእዛዝ ብቻ እጥፍ ሊሆን አይችልም። የተለካው ገጸ ባሕርይ ነው።

ቱሪንግ ግን አንድ ብርቱ ነጥብ ነበረው፤ ሳልመልሰው ባልፍ አድልዎ ይሆናል። የሌላ ሰው ሐሳብ ውስጥ ማንም ገብቶ አያይም፤ ጎረቤቴ እንደሚያስብ የማውቀው ከአነጋገሩና ከአኳኋኑ ነው፤ ታዲያ ለጎረቤቴ የበቃ ማስረጃ ለማሽን ለምን አይበቃም? መልሴ ሁለት እግር አለው። ስለ ጎረቤቴ ንግግሩ ብቻ አይደለም ያለኝ፤ እንደ እኔ ከሥጋ የተሠራ፣ ተርቦ ያለቀሰ፣ ወድቆ ያደገ መሆኑን አውቃለሁ። ይበልጥ የሚከብደው ግን ሁለተኛው ነው። ማስረጃ ማስረጃ የሚሆነው ነገሩ ባይኖር ኖሮ ሊገኝ የማይችል ሲሆን ነው። በ1950 ማንም ያላስተማረው ማሽን ተነስቶ ስለ ሐዘን ቢያወራ በእርግጥ የሚያስደነግጥ ምልክት ነበር። የዛሬው ማሽን ግን የተሠራው የሰው ልጅ ስለ ሐዘን፣ ስለ ቀልድ፣ ስለ ራሱ ሐሳብ የጻፈውን እየተመገበ፣ ቀጣዩን ቃል እንዲገምት ነው። ቢገባውም ባይገባውም እንደ ሰው እንደሚያወራ አስቀድመን እናውቃለን። ስለዚህ እንደ ሰው ማውራቱ የትኛውንም ወገን አይረዳም። «ይገባኛል» ቢልም «አይገባኝም» ቢልም እንዲሁ ነው። የዳዊቱን ልጅ ያነሳሁት ለዚህ ነበር፤ ትክክለኛ ንባብ በልጁ ውስጥ ስላለው ሳይሆን ስለ የኔታ ይመሰክራል።

ያወጣልዎት ሰምና ወርቅም ከዚህ አደጋ አያመልጥም። የታወቀ ቅኔ ከሆነ ወርቁ ከነማብራሪያው በየመጽሐፉና በየድረ ገጹ ታትሟል። ሌላም ወጥመድ አለ፤ «ወርቁ ምንድን ነው?» ብለው ከጠየቁት ወርቅ እንዳለ ነግረውታል፤ ባይኖርም ይፈልግልዎታል። ስለዚህ አዲስ ስንኝ ይሥሩ፤ መንትያውንም አብረው ይሥሩ። ለምሳሌ ይህን አሁን ጻፍኩት፦

ገበሬ ነኝና እንቅልፌን አጥቼ፣
ሌሊቱን አነጋሁ በሬን ተመልክቼ።

ሰሙ ማረሻ የሚጎትተው በሬ ነው፤ «ገበሬ» የምትለዋም ወደዚያ ትገፋለች። ወርቁ «በሬ» ሲሆን፣ የኔ በር፤ ይመጣል የተባለ ሰው ሲጠበቅ የታደረበት በር። አሁን «በሬን» የሚለውን «በሬዬን» በሚለው ይተኩት። አንዲት ፊደል ተጨመረች፤ በሩ ጠፋ፤ የቀረው ከብቱ ብቻ ነው። ሁለቱን ስንኞች በተለያየ ንግግር ውስጥ፣ «ይህ ስንኝ ሁለተኛ ፍቺ አለው ወይስ የለውም?» ብለው ይስጡት። በሁለተኛውም ላይ በሩን ካየልዎት፣ ወይም ሌላ ጥልቅ የሚመስል ወርቅ ከፈጠረልዎት፣ በመጀመሪያው ያገኘውን እንዴት እንዳገኘው መጠራጠር ይኖርብዎታል። በሁለቱም ላይ በትክክል ከለየ ደግሞ የአማርኛን ባለቤትነት ቅጥያ ከስንኙ ስሜት ጋር አያይዞ መሥራት ይችላል ማለት ነው፤ ይህም ቀላል ችሎታ አይደለም። በአንድ ስንኝ ግን አይፍረዱ፤ ሃያ ሠላሳ መንትያ ያዘጋጁ፣ እያንዳንዱንም ደጋግመው ይስጡ፤ ማሽኑ ለአንድ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ መልስ አይሰጥምና። ከሰጡት በኋላም ስንኞቹን የትም አያትሟቸው፤ ከታተሙ ለሚቀጥለው ፈተና አይሆኑም።

ይህ ሁሉ የሚነግርዎት ስለ ችሎታ ነው። ስለ መረዳት አንድ እርምጃ የሚያስጠጋ ሌላ ዓይነት ማስረጃ አለ፤ ከንግግር ሳይሆን ከማሽኑ ውስጥ የሚገኝ። በ2022 ይፋ የሆነ አንድ ሥራ ላስታውስ። ተመራማሪዎች ስምንት በስምንት በሆነ ሰሌዳ የሚጫወት ኦቴሎ የተባለ ጨዋታ መረጡ። ለማሽኑ የሰጡት የተጫዋቾችን እርምጃ ዝርዝር ብቻ ነው፤ የቦታ ስሞች ተከታትለው። ሰሌዳ የሚባል ነገር እንዳለ፣ ጠጠሮች ጥቁርና ነጭ እንደሆኑ አልተነገረውም፤ እንደ ሰርል ክፍል ቅርጽ ብቻ ነው የገባለት። ቀጣዩን እርምጃ መገመት ሲለምድ ግን ውስጡ ካሉት ቁጥሮች በየቦታው ላይ የማን ጠጠር እንዳለ ማንበብ ተቻለ። ከዚያ ወሳኙን አደረጉ፤ እዚያው ውስጥ ገብተው የአንዱን ጠጠር ቀለም የሚወክለውን ለወጡ። ማሽኑ ከዚያ በኋላ የገመታቸው እርምጃዎች በተለወጠው ሰሌዳ ላይ የሚፈቀዱት ሆኑ። ማለትም ውስጡ ያለው ሰሌዳ ጌጥ አልነበረም፤ የሚሠራበት ነበር።

አማካሪዎ «ምልክት ከማገላበጥ ሌላ የሚያውቀው የለም» ሲሉ ይህን ውጤት ሊመልሱ ይገባል፤ ምልክት ማገላበጥ በራሱ ምልክቶቹ የሚያመለክቱትን ነገር መልክ ሊወልድ እንደሚችል ታይቷልና። እርስዎ ደግሞ ከዚህ በላይ አይዝለሉ። የኦቴሎ ዓለም ስድሳ አራት ቤት ነው፤ ከደንቡ ውጭ ምንም የለውም። በሬ ግን እንዲያ አይደለም። የገበሬ ልጅ በሬን የሚያውቀው በጠረኑ፣ በክብደቱ፣ ቀንበር ሲጫን በሚያሰማው ድምፅ፣ ሲሞት ቤቱ ላይ በሚወድቀው ድህነት ነው። ከጽሑፍ ብቻ የተገኘ የበሬ መልክ ከዚያ ምን ያህሉን ይይዛል የሚለው እስካሁን ያልተፈታ ጥያቄ ነው። «ለማሽኑ ካሜራና እጅ ቢገጠምለትስ?» ለሚሉት ሰርል «ያም ተጨማሪ ምልክት ነው» ብሎ መልሷል፤ እዚህ ላይ የቸኮለ ይመስለኛል፤ የኛም ዓይን ወደ አንጎል የሚልከው ምልክት ነው።

ለጽሑፍዎ የምመክርዎ እንግዲህ ይህ ነው፤ አጥብቄም እመክራለሁ። «ማሽን ያስባል ወይስ አያስብም» የሚለውን ርእስ ይተዉት። በአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ አይመለስም፤ ቱሪንግም የሸሸው ያለ ምክንያት አልነበረም። በምትኩ አንድ ጠባብ ችሎታ ይምረጡ፤ ቅኔ የሚወዱ ከሆነ የበሬንና የበሬዬን ዓይነት መንትያ ስንኞች መለየት ይሁን። የቻይንኛውን ክፍል በመጀመሪያው ምዕራፍ ያስገቡት፤ «ፕሮግራም መፈጸም ብቻውን ለመረዳት አይበቃም» የሚል ክርክር ብለው እንጂ «ማሽን አይገባውም» የሚል ማረጋገጫ ብለው አይጥቀሱት። የሥርዓቱን መልስ አብረው ያቅርቡ፤ እሱን የዘለለ ፈታኝ ፊት አይቆምም። መለኪያ ቁጥሮቹ ለማንም ክፍት የሆኑ ትንሽ ማሽን ካገኙም ሁለቱን ስንኞች ሲያነብ ውስጡ ያሉት ቁጥሮች «በሬን» ላይ ይለያዩ እንደሆነ ለማየት ይሞክሩ፤ ይህ ከሺህ የንግግር ገጽ ይሻላል። ከማሽኑ ጋር ያደረጉትን ንግግር ግን በማስረጃነት አያያይዙ።